የተሳሳተ የጥፋተኝነት ፍርድ

የተሳሳተ የጥፋተኝነት ፍርድ ማለት አንድ ሰው ባልፈጸመው ወንጀል፣ ወይም ጨርሶ ባልተፈጸመ ወንጀል፣ ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት የሚደርስ የፍትሕ ስሕተት ነው። በማስረጃ ጉድለት ከሚሰጥ ነጻ የመልቀቅ ፍርድ ይለያል፤ እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው በቂ ነው ብሎ ወስኗል፣ ማስረጃው ግን ወደ ሐሰት መርቶታል። የታወቁት መንስኤዎች የዓይን ምስክር ሰውን ከሰው ማሳሳቱ፣ ሐሰተኛ የእምነት ቃል፣ ደካማ የባለሙያ ምርመራ፣ የሚዋሽ ምስክር፣ የተደበቀ ማስረጃና በቂ የሕግ ጥብቅና አለማግኘት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜም አንዱ ሌላውን ያስከትላል።

በአሜሪካ «ኢኖሰንስ ፕሮጀክት» የተባለው ድርጅት ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ. 1992 ወዲህ፣ በዘረመል (ዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራ ንጽሕናቸው ከተረጋገጠላቸው እስረኞች መካከል ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሚሆኑት ላይ የተሳሳተ የዓይን ምስክርነት፣ ከአራት አንድ በሚበልጡት ላይ ደግሞ ሐሰተኛ የእምነት ቃል ተገኝቷል። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የዘረመል ወይም የአሻራ ማስረጃ በማይቀርብበት አገር የተጠርጣሪው ቃል ክብደት ከፍ ያለ ነውና።

## ቀድሞ በኢትዮጵያ

ከዘመናዊ ፖሊስ በፊት በኢትዮጵያ ወንጀለኛን ለማወቅ ሁለት መንገዶች በስፋት ይሠራባቸው ነበር። አንደኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ሌባው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱም በመሐላ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም። እርሻው፣ ከብቱና ቤቱ የሚጠብቀው ሕዝብ ስም እስኪጠራ ድረስ ተይዟልና፣ የሚጠራው ስም ወዳጅና ዘመድ የሌለው ሰው እንዲሆን የሚገፋ ሁኔታ ነበር።

ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። ባለሙያው ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል፣ ልጁ ራሱን ስቶ ይነሣና ይሮጣል፣ ሰዎች ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ ልጁ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የተያዘው ሰው «አልሰረቅሁም» ቢል ልጁን መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቀው አይችልም። ይህ አሠራር በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ቀርቷል። ዛሬ ላይ ለአንባቢ ተረት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ሊመረምረው በማይችል መሣሪያ ሰውን ጥፋተኛ ማለት ከሌባ ሻይ ጋር አልጠፋም።

## ንጹሕ ሰው ስለምን ያምናል?

አብዛኛው ሰው «እኔ ብሆን ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም» ብሎ ያስባል፤ ዳኞችም ሰው ናቸውና እንዲሁ ያስባሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ሐሰተኛ የእምነት ቃልን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ማንም ሳያስገድደው ሰው በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ነው፤ ለምሳሌ ልጁን ወይም ወንድሙን ለማዳን። ሁለተኛው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ፣ ከምርመራው ለመገላገል ብሎ የሚሰጠው ነው። ሦስተኛው ተጠርጣሪው በድካምና በተደጋጋሚ ጥያቄ ብዛት የራሱን ትዝታ መጠራጠር ጀምሮ «ምናልባት ሠርቼው ይሆናል» የሚልበት ነው።

በፍርድ ቤት መዝገቦች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሁለተኛው ነው። ሰውየው በዚያ ሰዓት የሚያወዳድረው ሃያ ዓመት እስራትን ከነጻነት ጋር አይደለም፤ የዛሬን ሌሊት ድብደባ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የቤተሰቡን መታሰር ከአንድ ፊርማ ጋር ነው። «ፈርሜ ልውጣ፣ ለዳኛው እውነቱን እነግረዋለሁ» ይላል። ንጹሕ መሆኑ ራሱ ይህን ስሌት ያቀልለታል፤ እውነቱ መውጣቱ አይቀርም ብሎ ያምናልና።

በጉራጌ፣ እምድብርን በመሰሉ ከተሞች አካባቢ፣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ በየጆካ ቅጫ፣ የሽማግሌዎች ዳኝነት ዋና ግብ እርቅ ነው። በዚህ ሸንጎ ፊት በደልን ማመን የካሣና የእርቅ በር ይከፍታል፤ ደም እንዳይፈላለግም ያደርጋል። ያው ቃል ፖሊስ ጣቢያ ሲነገር ግን የክስ ማስረጃ ይሆናል። በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የሚመላለስ ሰው፣ ወይም ቤተሰቡ «አምነህ ተገላገል» የሚለው ሰው፣ አንዱ ዘንድ የሚያስታርቀው ቃል ሌላው ዘንድ የሚያስፈርድበት መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

## ቃሉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር

በኢትዮጵያ በተለመደው አሠራር የተጠርጣሪው ቃል በድምፅ አይቀዳም። መርማሪው ይጠይቃል፣ ተጠርጣሪው ይመልሳል፣ መርማሪውም መልሱን በራሱ አማርኛ አሳክቶ ይጽፈዋል። ጽሑፉ «እኔ» እያለ የሚናገር ተከታታይ ታሪክ ይሆናል፤ ጥያቄዎቹ ይጠፋሉ። መጨረሻ ላይ ተጠርጣሪው ይፈርማል ወይም በአውራ ጣቱ አሻራ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። እምድብር በቸሃ ወረዳ ነው፤ የገጠሩ ሰው አፉን የፈታው በቸሃ ነው፣ መዝገቡ የሚጻፈው በአማርኛ። አንድ ሰው በጠብ መካከል ገፍቶ የጣለው ሰው ቢሞት፣ መዝገቡ ላይ «ገፋሁት፣ ወደቀ» ተብሎ መጻፉና «ልገድለው ብዬ መታሁት» ተብሎ መጻፉ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ወደ ቁጥር 543፣ ማለትም በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ሊያመራ ይችላል፤ ሁለተኛው ወደ ቁጥር 540 ወይም 539 ይወስዳል። ያንን ልዩነት የሚወስነው የተጠርጣሪው ሐሳብ ሲሆን፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የጸሐፊው የቃል ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ችግር የዝርዝር መተላለፍ ነው። መርማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ ሟች በስንት ቦታ እንደተወጋ ወይም በሩ በየት በኩል እንደተሰበረ፣ በጥያቄው ውስጥ ሳያስበው ይናገረዋል። ተጠርጣሪው ደግሞ መልሶ ይለዋል። በኋላ ዐቃቤ ሕግ «ይህን ዝርዝር ወንጀለኛው ካልሆነ በቀር ማን ሊያውቅ ይችላል?» ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ የእምነት ቃልን ለመመዘን የዝርዝሩ ብዛት አያስተማምንም፤ የሚጠቅመው ጥያቄ ቃሉ ፖሊስ የማያውቀውን አዲስ ነገር አስገኝቷል ወይ የሚለው ነው። ተጠርጣሪው በጠቆመው ስፍራ ማንም ያልጠረጠረው መሣሪያ ተቆፍሮ ከወጣ ቃሉ ክብደት አለው። ፖሊስ ቀድሞ የያዘውን ብቻ የሚደግም ከሆነ ግን ቃሉ የፖሊስን ግምት መልሶ ከማንበብ አያልፍም። ፖሊስ የተሳሳተበትን ነገር ጭምር የሚደግም ከሆነ ደግሞ ዋነኛ የአደጋ ምልክት ነው።

## የሕጉ በሮች

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን አደጋ አላጣውም። በቁጥር 27 መሠረት ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት አይገደድም፤ ላለመናገር መብት እንዳለውና የተናገረው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ቁጥር 31 ፖሊስ በማስፈራራት፣ በተስፋ ቃል ወይም በሌላ ተገቢ ያልሆነ ዘዴ ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(5) አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 424 ደግሞ በምርመራ ወቅት ተገቢ ያልሆነ ዘዴ የተጠቀመውን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል።

ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ቁጥር 35 ነው። በዚህ ቁጥር ፍርድ ቤት ክሱ ከመሰማቱ በፊት የተጠርጣሪን የእምነት ቃል ሊመዘግብ ይችላል፤ ነገር ግን ዳኛው ሰውየውን ጠይቆ ቃሉን በፈቃዱ የሰጠ መሆኑን ማረጋገጥና ይህንኑ በመዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል ያጠራጥራል፣ ዳኛ ፊት የተሰጠው ግን አያጠራጥርም። ችግሩ ሰውየው ከዳኛው ፊት ወጥቶ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ምርመራው ስላላለቀ ወደዚያው ጣቢያ፣ ወደዚያው መርማሪ ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 ግን ፖሊስ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን የሚደርስ ጊዜ ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል፣ ስንት ጊዜ እንደሆነም ቁጥሩ አልተወሰነም። «በፈቃድህ ነው ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ወደ ጣቢያው የሚመለስበትን መኪና ውጭ ቆሞ እያየ ነው የሚመልሰው።

ከዚያ ወዲያ ቁጥር 134 ይመጣል። ተከሳሹ የክሱን ፍሬ ነገር ሁሉ ሳያስተባብል ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያሰማ የማዘዝ ሥልጣንም አለው። ለተሳሳተ ፍርድ ዋናው መከላከያ ይህ ሁለተኛው ሥልጣን ነው፤ ሳይሠራበት የቀረ እንደሆነ ግን ማንም ማስረጃውን ሳያይ መዝገቡ ይዘጋል።

## ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው ነጻ ነውን?

አንድ ጊዜ የተገደደ ሰው በኋላ በሰላም የደገመው ቃል ይታመናል ወይ የሚለው ጥያቄ በአንድ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በግልጽ ተመርምሯል። ብንያም መሐመድ በኢትዮጵያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በስደት ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 በካራቺ አውሮፕላን ጣቢያ በሐሰተኛ ፓስፖርት ሲጓዝ ተያዘ። ከዚያ ወደ ሞሮኮ ተወስዶ ለ18 ወራት ያህል ቆየ፤ ሰውነቱን በምላጭ ጭምር እየቆረጡ እንደመረመሩት ተናግሯል። ቀጥሎ በአፍጋኒስታን፣ ከመስከረም 2004 ጀምሮ ደግሞ በጓንታናሞ ታሰረ። በእነዚህ ዓመታት የሽብር ጥቃት ማቀዱን «አመነ»፣ ሌሎች ሰዎችንም ጠቆመ። በወታደራዊ ኮሚሽን የተመሠረተበት ክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ተነሣ፤ በየካቲት 2009 ያለ ምንም ፍርድ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

የብንያም ቃል ግን ከእሱ በኋላም ይሠራ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት አንድ አልጄሪያዊ እስረኛን ለመያዝ በማስረጃነት ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ ብንያም ጓንታናሞ ከደረሰ በኋላ፣ ለሌላ መርማሪ፣ ያለ ድብደባ የሰጠው ቃል ነበር። የመንግሥት ጠበቆች የሥቃዩን ታሪክ አላስተባበሉም፤ ያሉት ይህኛው ቃል በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ፊት የተሰጠ ነው ነው። ዳኛ ግላዲስ ኬስለር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 በሰጡት ውሳኔ ይህን ክርክር አልተቀበሉም። ሁለት ዓመት ያህል በሥቃይ የሚፈለገውን መልስ የተማረ ሰው ቦታ ስለተቀየረ ብቻ ያንን ትምህርት አይረሳም፤ የሥቃዩ ውጤት ገና አልለቀቀውም። ቃሉን ውድቅ አድርገው አልጄሪያዊው እንዲለቀቅ አዘዙ።

ይህ አመለካከት ቁጥር 35ን ለሚሠራበት ዳኛ በቀጥታ ይጠቅማል። «በፈቃዴ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይሆንም። ሰውየው ከመቅረቡ በፊት ስንት ቀን ታስሯል፣ ማን አነጋገረው፣ ጠበቃ አግኝቷል ወይ፣ ሰውነቱ ላይ ምልክት አለ ወይ፣ ዛሬ ማታ የት ያድራል የሚሉት ጥያቄዎች መዝገቡ ላይ ካልሰፈሩ የፈቃደኝነቱ ማረጋገጫ ባዶ ቅጽ ነው።

## ምርመራው ለቃሉ ሲገዛ

ደካማ የባለሙያ ማስረጃ ራሱን የቻለ መንስኤ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ከእምነት ቃል ጋር ሲገናኝ ነው። በለንደን የኮንፌት ጉዳይ ተብሎ የሚታወቀው መዝገብ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1972 ካትፎርድ በተባለ ሰፈር በተቃጠለ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ሬሳ ተገኘ። ሦስት ወጣቶች ተያዙ፤ ሁለቱ 15 እና 14 ዓመታቸው ነበር፣ 18 ዓመት የሞላው ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነበረበት። ያለ ወላጅና ያለ ጠበቃ ተመርምረው አመኑ።

የሬሳ ምርመራ ሐኪሙ መጀመሪያ የሰጠው ግምት ሰውየው በምሽቱ መጀመሪያ ሰዓታት፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ሳይደርስ መሞቱን የሚያመለክት ነበር። በዚያ ሰዓት ትልቁ ወጣት ሌላ ቦታ እንደነበር የሚመሰክሩ ሰዎች ነበሩ። በክሱ ሂደት ግን «እሳቱ የሬሳውን ሙቀት ሊያዛባ ይችላል» ተብሎ የሞት ሰዓቱ ከእምነት ቃሉ ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ሌሊት ተለጠጠ። ሳይንሱ ቃሉን መመርመር ሲገባው ቃሉ ሳይንሱን አረመው። ሦስቱም ተፈረደባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የይግባኝ ፍርድ ቤት አዲስ የሕክምና ማስረጃ ሰምቶ ፍርዱን ሻረ።

በኢትዮጵያ የሬሳ ምርመራ ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ላይ ተመሥርቶ ቆይቷል። በክልል ከተማ የሚገኝ ጠቅላላ ሐኪም በፖሊስ ደብዳቤ የሚጠየቀው የሕክምና ማስረጃ ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነው። ደብዳቤው ራሱ «ተጠርጣሪው በዱላ መትቶት» ብሎ ከጀመረ ሐኪሙ ሬሳውን ሳያይ መልሱን አንብቧል። ርካሹ ማሻሻያ ደብዳቤው የተጠርጣሪውን ቃል እንዳይጠቅስ ማድረግ ነው፤ ይህ ምንም ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

## ማሻሻያዎች

ከኮንፌት ጉዳይ በኋላ በዳኛ ፊሸር የተመራው አጣሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ሪፖርት አቀረበ፤ ከዚያም ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቁሞ በመጨረሻ የ1984ቱ የእንግሊዝ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ወጣ። ሕጉ ምርመራው በድምፅ እንዲቀዳ፣ የተያዘው ሰው እያንዳንዱ ሰዓት በመዝገብ እንዲያዝ፣ ለልጆችና ለአእምሮ ሕሙማን አብሯቸው የሚቀመጥ አዋቂ እንዲኖር መንገድ ከፈተ። በአንቀጽ 76 ደግሞ የማስረዳት ሸክሙን በዐቃቤ ሕግ ላይ አደረገ፤ ተከሳሹ ተገድጃለሁ ካለ፣ አለመገደዱን ያለ በቂ ጥርጣሬ የሚያስረዳው ዐቃቤ ሕግ ነው።

ቀረጻ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ ካልጀመረ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ለሦስት ቀን የተለማመደ ተጠርጣሪ በአራተኛው ቀን ካሜራ ፊት በእርጋታ ሲናገር የሚያይ ዳኛ ከወረቀቱ ይልቅ ያምነዋል። የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 23 በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በቪዲዮ የተያዘ የተጠርጣሪ የእምነት ቃልን ማስረጃ አድርጎ ሲቀበል፣ ቀረጻው መቼ መጀመር እንዳለበት አልደነገገም። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ብዙ የዚህ ዓይነት ምርመራ ይካሄድበት የነበረው ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በእስረኞች ላይ ሥቃይ ይፈጸም እንደነበር በፓርላማ አምነዋል።

## ከፍርድ በኋላ

በዚሁ አዋጅ የተፈረደባቸው ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች ጉዳይ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ማርቲን ሺብዬና ዮሐን ፔርሶን በ2003 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከኦጋዴን ነጻ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች ጋር በሶማሌ ክልል ተያዙ። ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገራቸውን አመኑ፤ ሽብርተኝነትን ረድታችኋል የተባሉትን ግን ካዱ፣ የመጣነው ለዘገባ ነው አሉ። በችሎት ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ቪዲዮ ነበር፤ ተከሳሾቹ የተቀናበረ ነው ብለው ተቃወሙ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፣ ከስድስት ቀን በኋላም 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ይግባኝ አላሉም። ይግባኝ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ ይቅርታ ግን በወራት ሊመጣ ይችላል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ደግሞ የሚጸጸት መሆን አለበት። በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርበው ተጸጸቱ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በይቅርታ መለቀቃቸው ተነገረ። የክልሉ ፕሬዚዳንት አማካሪ የነበረው አብዱላሂ ሁሴን ከመቶ ሰዓት በላይ የሚሆን የቪዲዮ ቅጂ ይዞ ከአገር ወጣ። በስዊድን ቴሌቪዥን የታየው ይህ ቀረጻ ጋዜጠኞቹ ከተያዙ በኋላ የተቀናበረ ትዕይንት መኖሩን አሳየ።

ይቅርታ ቅጣትን ያስቀራል፣ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ግን አይሽርም። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እንጂ የፍሬ ነገር ስሕተትን አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 መሠረት ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ሐሰተኛ ምስክርነት መኖሩ ሲታወቅ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል፤ ስለ አንድ ማሳ የተፈረደ ፍርድ በዚህ መንገድ ሊከፈት ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን የይግባኝ ጊዜው ካለፈ በኋላ በአዲስ ማስረጃ የጥፋተኝነት ፍርድን እንደገና የሚያስከፍት ተመሳሳይ ቁጥር የለውም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14(6) በስሕተት ለተፈረደበት ሰው ካሣ እንዲከፈል ይደነግጋል፤ ካሣው የሚጠየቀው ግን ስሕተቱ በአዲስ ማስረጃ ተረጋግጦ ፍርዱ ሲሻር ወይም በዚሁ ምክንያት ይቅርታ ሲሰጥ ነው።